ሙቀቱ 20 ሰከንድ ሲዘገይ

በእንፋሎት የሚሞቅ የፋብሪካ የውሃ ጋን አለ እንበል። ቴርሞሜትሩ የተተከለው ሙቅ ውሃው በሚወጣበት ቧንቧ ላይ፣ ከጋኑ 10 ሜትር ርቆ ነው። ውሃው በሰከንድ ግማሽ ሜትር ስለሚጓዝ፣ የእንፋሎቱ ቫልቭ ሲነካ ለውጡ ቴርሞሜትሩ ላይ የሚታየው ከ20 ሰከንድ በኋላ ነው። ስለዚህ ቫልቩን የሚያዘው ፒአይዲ ተቆጣጣሪ ሁልጊዜ ባለፈ ወሬ ይወስናል። የሚመዝነው ሦስት ነገር ነው፤ አሁን ያለውን ስህተት፣ እስካሁን የተጠራቀመውን ስህተትና ስህተቱ የሚለዋወጥበትን ፍጥነት። ለእያንዳንዱ ስንት ክብደት እንስጠው?

ለዚህ አንድ ሙከራ ይበቃል። ተቆጣጣሪውን ወደ ማንዋል አዙሮ ሙቀቱ እስኪረጋ መጠበቅ፣ ከዚያ ቫልቩን በአንድ ጊዜ ከ40 ወደ 50 በመቶ መክፈት ነው። ሙቀቱ 20 ሰከንድ ንቅንቅ አይልም፤ ይህ L ነው። ከዚያ ከ60 ዲግሪ ተነስቶ ቀስ በቀስ 68 ላይ ይረጋል። 10 በመቶ መክፈት 8 ዲግሪ ስላመጣ K 0.8 ይሆናል። መውጣት ከጀመረ በ100 ሰከንድ ውስጥ የለውጡን 63 በመቶ ጨርሶ 65 ዲግሪ ደርሷል፤ ይህ ደግሞ T ነው።

ጆን ዚግለርና ናትናኤል ኒኮልስ በ1942 ባሳተሙት ደንብ ስሌቱ እንዲህ ነው፦

```
Kp = 1.2*T/(K*L) = 7.5
Ti = 2*L = 40
Td = 0.5*L = 10
```

ማለትም ለአንድ ዲግሪ ስህተት ቫልቩ ወዲያው 7.5 በመቶ ይንቀሳቀሳል። ሁለቱ መሐንዲሶች የፈለጉት እያንዳንዱ ውዝዋዜ ካለፈው ሩብ ያህል እንዲሆን ነው። ድንገተኛ መናጋትን ቶሎ ያርማል፤ ግን ለጥንቃቄ የተረፈ ቦታ ጥቂት ነው።

ጉዳቱ የሚታየው ማታ፣ የውሃው ፍሰት በግማሽ ሲቀንስ ነው። ውሃው ቧንቧውን ለመጨረስ 40 ሰከንድ ይወስድበታል። ያው እንፋሎት የሚያሞቀው ውሃ ግማሽ ስለሆነ K ወደ 1.6፣ T ወደ 200 ያድጋል። ደንቡ አሁን የሚሰጠው Kp 3.75 ብቻ ሲሆን፣ የቀኑ 7.5 እንዳለ ከቀረ ሙቀቱ እየሰፋ በሚሄድ ውዝዋዜ ውስጥ ይገባል።

ኖርዌያዊው ሲጉርድ ስኮገስታድ በ2003 ያቀረበው ደንብ ረጋ ያለ ነው። ሦስተኛውን ክብደት ትቶ፣ በቀኑ መለኪያ Kp 3.125 እና Ti 100 ሰከንድ ይሰጣል። ቀን ላይ እርማቱ ይዘገያል፤ ማታ ግን ያው ቁጥር ሳይነካ ሙቀቱን አረጋግቶ ያድራል። ለእንዲህ ዓይነቱ ጋን እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

L ከ T ከበለጠ ግን የዚግለርና የኒኮልስ ደንብ አያስተማምንም። ያኔ ቁጥር ከመለዋወጥ ቴርሞሜትሩን ወደ ጋኑ ማስጠጋት ይሻላል።

ሙቀቱ ሲወዛወዝ ካያችሁ መጀመሪያ ወደ ማንዋል አዙሩት። ውዝዋዜው ከቆመ መነሻው ራሱ ተቆጣጣሪው ወይም የሚጣበቅ ቫልቭ ነው፤ ካልቆመ ከውጭ የሚመጣ ነውና ቁጥሮቹን አትንኩ። ሙከራውንም ፍሰቱ ዝቅተኛ በሆነበት ሰዓት አድርጉት።