ጎርፍ ሱቅ ሲገባ፦ የሸኚ ደብዳቤው ሥራ

ጎርፍ ሱቅ ገብቶ ዕቃ ሲያበላሽ ባለሱቁ ለመድን ድርጅቱ ከሚልካቸው ወረቀቶች ዋናው የአደጋ ሪፖርቱ ነው። ውሃው መቼ፣ በየት በኩል፣ ምን ያህል ከፍታ ይዞ እንደገባና ምን እንዳበላሸ በዝርዝር የሚናገረው እሱ ነው። ከላዩ ላይ ግን አንድ ገጽ ሸኚ ደብዳቤ አለ። ብዙ ነጋዴ ይህን ደብዳቤ «ሪፖርቱን ከዚህ ጋር አያይዤ ልኬያለሁ» ብሎ በአንድ መስመር ይዘጋዋል። ሌላው ደግሞ የደረሰበትን ሐዘንና የቤተሰቡን ችግር ሦስት ገጽ ይጽፍበታል። ሁለቱም ይጎዳሉ። የካሳ ክፍሉ ሠራተኛ አስቀድሞ የሚያነበው ሸኚውን ነው፤ ፋይሉን የሚከፍተውም እዚያ ላይ ባገኘው ፖሊሲ ቁጥር፣ ቀን፣ የአደጋ ምክንያትና ግምት ነው።

ነገሩ በምሳሌ ይታይ። በአዲስ አበባ፣ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ በተሠራ ሱቅ ጫማና ጨርቃ ጨርቅ የምትሸጥ ነጋዴ አለች እንበል። በክረምት ሌሊት ጎርፍ ገባባት። በማግስቱ የጻፈችው ሸኚ ደብዳቤ ይህን ይመስላል።

ነሐሴ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለ… ኢንሹራንስ ኩባንያ
የካሳ ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በፖሊሲ ቁጥር … ዋስትና በተገባለት የሱቅ ዕቃ ላይ የደረሰውን የጎርፍ አደጋ ሪፖርት ስለመላክ

ነሐሴ 14 ቀን 2016 ዓ.ም. (ኦገስት 20 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.) ከጠዋቱ 2፡30 ላይ ሱቄን ስከፍት ሌሊት ጎርፍ ገብቶ ዕቃ ማበላሸቱን አይቻለሁ። ይህንኑም በዚያው ዕለት ጠዋት ለቅርንጫፋችሁ በስልክ አስታውቄያለሁ።

በግድግዳው ላይ የቀረው የጭቃ መስመር ከወለሉ 35 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። በመንገዱ በኩል ባለው በር ሥር ደለል ተከምሯል። በሱቁ ውስጥ የፈነዳ ቧንቧ አላየሁም፤ ጣሪያውም ደረቅ ነው።

የረጠበው ዕቃ በግዢ ዋጋ 400,000 ብር ያህል ይሆናል። ይህ ጊዜያዊ ግምት ነው፤ ቆጠራው ሲያልቅ የመጨረሻውን ዝርዝር እልካለሁ። የረጠበውን ከደረቀው ለይቼ አስቀምጫለሁ፤ ገምጋሚያችሁ ሳያየው የጣልኩትም የሸጥኩትም የለም። ጨርቁ እንዳይሻግት ገምጋሚ በፍጥነት እንድትልኩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አባሪ፦ የአደጋ ሪፖርት 3 ገጽ፤ ፎቶግራፍ 24፤ የተበላሸ ዕቃ ጊዜያዊ ዝርዝር 4 ገጽ፤ የግዢ ደረሰኝ ቅጂ 18 ገጽ

ከሰላምታ ጋር

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚመዘነው ስለ ውሃው መግቢያ የተጻፈው ነው። የሱቅ መድን ብዙውን ጊዜ መሠረቱ እሳትና መብረቅ ነው። ጎርፍ፣ አውሎ ነፋስና የቧንቧ መፈንዳት ተጨማሪ አረቦን ተከፍሎባቸው የሚገቡ ሽፋኖች ናቸው፤ አንዱ ገብቶ ሌላው ሊቀር ይችላል። ከውጭ በመንገድ ላይ ሞልቶ የገባ ውሃ ጎርፍ ነው። ከሕንፃው ቧንቧ የፈሰሰው በሌላ አንቀጽ ይታያል። በግድግዳ ወይም በጣሪያ ቀስ እያለ ለወራት የሰረገ እርጥበት ደግሞ እንደ ድንገተኛ አደጋ ስለማይቆጠር አብዛኛውን ጊዜ አይካስም። እንግዲህ ባለሱቁ «ውሃ ገባብኝ» ብሎ ብቻ ከጻፈ ሠራተኛው ከሦስቱ የቱ እንደሆነ አያውቅም፤ ጥያቄው እስኪጣራ ፋይሉ ይቆማል።

ነጋዴዋ «ማዘጋጃ ቤቱ ቦዩን ስላልጠረገ ነው» ብላ አልጻፈችም። ያየችውን ጭቃ፣ ደለልና ደረቅ ጣሪያ ብቻ ነው የተናገረችው። የቦዩን ጉዳይ በዓይኗ አላረጋገጠችም፤ ገምጋሚው ሌላ ምክንያት ካገኘ ደግሞ የደብዳቤዋ ቃል ራሷን ይከራከራታል። ሪፖርቱ «በፊት ለፊት በር» ብሎ ሸኚው «በጓሮ» ካለም ጥርጣሬ የሚነሳው ከዚሁ ነው። ስለዚህ ሸኚው ሪፖርቱ ውስጥ የሌለ ነገር አይጨምርም። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር መጻፏም ለጌጥ አይደለም። ፖሊሲዎች በአብዛኛው በእንግሊዝኛና በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሚዘጋጁ፣ አደጋው ውሉ በሚጸናበት ጊዜ ውስጥ መድረሱ ያለ ስሌት እንዲታይ ያደርጋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ገንዘቡ ነው። መድን የጠፋውን ይተካል እንጂ ትርፍ አይከፍልም፤ ስለዚህ ዕቃው የሚተመነው በተገዛበት ዋጋ ነው። በመሸጫ ዋጋ የተሞላ ዝርዝር ከደረሰኙ ጋር አይገጥምም፤ ባለሱቁ ሳያስበው ያጋነነ ያስመስለዋል። ግምቱን «ጊዜያዊ» ማለትም አስፈላጊ ነው። በመጀመሪያው ቀን ደህና የመሰለ ጫማ ከሳምንት በኋላ ሙጫው ሊለቅ ይችላል፤ ቁርጥ ያለ አኃዝ ጽፎ በኋላ መጨመር ግን ማብራሪያ ያስጠይቃል።

ነጋዴዋ የጠየቀችው 400,000 ሆኖ ሳለ የሚደርሳት ለምን ያንሳል? ገምጋሚው የረጠበውን ዕቃ አይቶ በቅናሽ 100,000 ብር ያወጣል አለ እንበል። ይህ ሳልቬጅ የሚባለው ነው፤ ሲቀነስ እውነተኛው ጉዳት 300,000 ይሆናል። ቀጥሎ ጠቅላላ ክምችቷ ይታያል። በዚያች ሌሊት በሱቁ ውስጥ የነበረው ዕቃ 1,500,000 ብር ያወጣል፤ መድን የገባችው ግን ለ1,200,000 ብቻ ነው። ከአምስት እጅ አራቱን ብቻ አስመዝግባ አረቦን ስለከፈለች፣ ውሉ የተመጣጣኝነት አንቀጽ ካለው ከጉዳቱም አራት አምስተኛው፣ ማለትም 240,000 ብር ይታሰብላታል። ፖሊሲው ባለመድኑ ራሱ የሚሸከመውን ድርሻ 10 በመቶ ካደረገው 24,000 ይቀነስና 216,000 ብር ይከፈላታል። ከእውነተኛው ጉዳት ላይ የከበደው ቅናሽ የመጣው ዋጋ እየናረ፣ ክምችቷም እያደገ የመድኑ መጠን ባለበት ስለቀረ ነው፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ደብዳቤ አይጠግነውም።

«የጣልኩትም የሸጥኩትም የለም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሌላ ግዴታ ያሟላል። ባለመድን ጉዳቱ እንዳይሰፋ የሚችለውን ማድረግ አለበት፤ ማስረጃውንም ማጥፋት የለበትም። ደረቁን ከፍ ወዳለ ቦታ ማውጣት፣ ውሃውን መጥረግ፣ ጨርቁን አየር ማስነካት ይገባዋል። የሸተተና ለጤና የሚያሰጋ ነገር ካለ ድርጅቱን በጽሑፍ ጠይቆ፣ ፎቶ አንስቶና ናሙና አስቀርቶ ያስወግዳል። ከመንጻቱ በፊት የጭቃውን መስመር በሜትር ለክቶ ማንሳት በተለይ ይጠቅማል፤ አንዳንድ ውሎች ዕቃ ከወለል 10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በፓሌት ወይም በመደርደሪያ ላይ እንዲቀመጥ ያስገድዳሉና። ውሃው 35 ሳንቲ ሜትር መድረሱ ከታየ፣ በፓሌት ላይ የነበረው ዕቃ ለምን እንደረጠበ ሌላ ማስረዳት አያሻም።

ደብዳቤው በእጅ ከተሰጠ በቅጂው ላይ የመዝገብ ቤቱ ማኅተምና ቀን ይደረግበት። የማስታወቂያው ጊዜ በፖሊሲው ተወስኖ የሚቆጠር ስለሆነ፣ በወቅቱ መድረሱን የሚያረጋግጠው ይህ ቅጂ ነው። ሱቅ ያላችሁ አንባቢዎች ክረምቱ ሳይገባ ፖሊሲያችሁን አውጡና ሦስት ነገር እዩ፦ ጎርፍ በግልጽ ተጽፎ እንደሆነ፣ የመድኑ መጠን ከዛሬው ክምችት ጋር እንደሚተካከል፣ አደጋ ሲደርስ በስንት ቀን ማሳወቅ እንዳለባችሁ። ጎርፍ ከሌለበት፣ ሱቃችሁ ደርቆ ሳለ አስጨምሩት።