ያልደረሰ ኢሜይል እስከ መቼ ይሞከራል?

የተቀባዩ ሰርቨር ቢጨናነቅ ኢሜይልዎ ወዲያው አይጣልም። ላኪው ሰርቨር መጀመሪያ የመልሱን ቁጥር ያያል። እንደ 451 በ4 የሚጀምር ከሆነ ችግሩ ጊዜያዊ ነውና ቆይቶ ይሞክራል። 550 ከሆነ፣ ለምሳሌ አድራሻው ከሌለ፣ መደጋገሙ ከንቱ ድካም ነው፤ መልእክቱ ለላኪው ይመለሳል።

ፖስትፊክስ የተባለው የኢሜይል ሶፍትዌር መልእክቱ ወረፋ ላይ የቆየበትን ያህል ደግሞ ይጠብቃል፤ 10 ደቂቃ ከቆየ ሌላ 10፣ 20 ከቆየ ሌላ 20። ጣሪያው፣ ካልተቀየረ በቀር፣ 67 ደቂቃ ገደማ ነው። እንዲህ ባይራራቅ ኖሮ ገና ከውድቀቱ የተነሣውን ሰርቨር ሺህ ላኪዎች ባንዴ ተረባርበው መልሰው ይጥሉት ነበር። ሙከራው የሚያበቃው በ5 ቀን ነው። ለደብዳቤ ደግ ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ለሚያልፍበት የይለፍ ኮድ ግን ምንም አይፈይድም።