የርዕሰ መምህሩ አንድ ደቂቃ

በ2018 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ላይ የአንድ የግል ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር የሆኑ ወዳጄ ሁለት ገጽ ወረቀት ይዘው መጡ። ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሊጀመር ነው፤ ለተማሪዎችና ለወላጆች በቴሌግራም የሚለቀቅ የእንኳን ደህና መጣችሁ ቪዲዮ ሊቀረጹ ነው። «እስቲ አንብበው» አሉኝ። «እርስዎ ያንብቡት፣ እኔ ሰዓት ልያዝ» አልኳቸው።

አራት ደቂቃ ፈጀ። ትምህርት የሚጀመርበት ቀን የተነገረው በሦስተኛው ደቂቃ ነው።

ከዚያ በፊት የነበረው «የተከበራችሁ የትምህርት ቤታችን ማኅበረሰብ አባላት፣ በቅድሚያ» የሚል የስብሰባ መክፈቻ ነው። አዳራሽ ውስጥ ያስኬዳል፤ ሰው አንዴ ተቀምጧል፣ ወዴት ይሄዳል? ቪዲዮውን ግን ወላጅ የሚያየው ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ነው።

አንድ ደቂቃ ይበቃል ተባባልን። እሳቸው ረጋ ብለው ሲያነቡ በደቂቃ የሚሄድላቸው መቶ ቃል ገደማ ነው። ስለዚህ የክፍያው ዝርዝርና የደንብ ልብሱ ጉዳይ ከቪዲዮው ሥር በጽሑፍ ይለጠፍ ብለን አወጣነው፤ ቁጥር ተመልሶ የሚታይ እንጂ ተሰምቶ የሚያዝ ነገር አይደለም።

ትልቁ ችግር «እናንተ» የምትለዋ ቃል ነበረች። አንዴ ልጆቹን ትጠራለች፣ አንዴ ወላጆቹን። «ካርዳችሁን ውሰዱ» ሲባል ማን ይምጣ? ስለዚህ ጽሑፉን ለሁለት ከፈልነው፤ መጀመሪያ ልጆቹ፦

«ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! ሰኞ፣ የካቲት 2 ትምህርት እንጀምራለን። በሩ አንድ ሰዓት ተኩል ይከፈታል፣ ደወል ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ስምንተኛ ክፍሎች፣ ክፍላችሁ ተቀይሯል፤ ከቤተ መጻሕፍቱ በላይ ውጡ።»

ቀጥሎ «ወላጆች» ብለው ይዞራሉ፦ «የልጃችሁን ካርድ አርብ ራሳችሁ መጥታችሁ ውሰዱ። የክፍል ኃላፊው መምህር እስከ ስድስት ሰዓት ይጠብቃችኋል።»

በረቂቁ ላይ ይህ ሁሉ «የመማር ማስተማሩ ሂደት የሚጀመር መሆኑን እየገለጽን» ነበር። ልብ በሉ፣ «የፊታችን ሰኞ» ብቻ አላልንም። ቴሌግራም ላይ ያለ ቪዲዮ ከሳምንት በኋላም ለሌላ ወላጅ ይላካል፤ ያኔ የፊታችን ሰኞ የትኛው ሰኞ ነው?

ቀረጻውን ግቢ ውስጥ ጀመርን። ንፋሱ ድምፁን በላው፤ እሳቸውም ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ይዘው ስለሚያነቡ የሚታየው አናታቸው ነው። ወደ አንድ ባዶ ክፍል ገባን። ጽሑፉን በወፍራም እስክሪብቶ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚባለውን በአንድ መስመር አድርገን ገለበጥነውና ከስልኩ ካሜራ ሥር ለጠፍነው። ዓይናቸው ቀና አለ።

ሦስተኛው ሙከራ ላይ «ደወል ሁለት ሰዓት ላይ ነው» ብለው ሳይጨርሱ ደወሉ ጮኸ። ለካ ዘበኛው እየሞከሩት ኖሯል። ርዕሰ መምህሩ ሳቃቸው አመለጣቸው፣ ከዚያ ቀጠሉ። ሲያበቁ «ይቺን እንቁረጣት?» አሉኝ።

አልቆረጥናትም።