ከስዋፕ የመውጫ ዋጋ

ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2009 በተዘጋው የበጀት ዓመት ከአንዳንድ ውሎች ለመውጣት ብቻ 497.6 ሚሊዮን ዶላር ለባንኮች ከፈለ። ውሎቹ የተጻፉት በ1.1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ላይ ነበር። ይህ 1.1 ቢሊዮን ግን መቁጠሪያ እንጂ ብድር አልነበረም፤ በውሎቹ መሠረት ከባንክ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሄደ፣ ከዩኒቨርሲቲውም ወደ ባንክ የተመለሰ ዋና ገንዘብ የለም። ታዲያ ግማሽ ቢሊዮን የሚጠጋው ዕዳ ከየት መጣ?

ውሎቹ የወለድ ተመን ስዋፕ ይባላሉ። ሃርቫርድ በ2004 የገባባቸው በቦስተን ኦልስተን ሰፈር ሊያካሂድ ላሰበው ማስፋፊያ ወደፊት ሲበደር ወለድ ይወደድብኛል በሚል ስጋት ነበር። ቋሚ ወለድ ሊከፍል፣ በምትኩ ከገበያው ጋር የሚወጣና የሚወርድ ተለዋዋጭ ወለድ ሊቀበል ተስማማ። ወለድ ቢወደድ ኖሮ ተጠቃሚ ይሆን ነበር። የ2008 የገንዘብ ቀውስ መጣና ወለድ አሽቆለቆለ።

እንዲህ ያለው ውል በማናቸውም ቀን ስንት እንደሚያወጣ ለማወቅ የቆየና ቆንጆ መላ አለ። በውሉ መጨረሻ ቀን ሁለቱ ወገኖች ዋናውን ገንዘብ እርስ በርስ ይሰጣጣሉ ብሎ ማሰብ ነው። አንዱ 10 ሚሊዮን ቢሰጥ ሌላውም 10 ሚሊዮን ይሰጠዋል፤ ስለዚህ ማንም አይጎዳም፣ ማንም አያተርፍም። ይህች የሐሳብ ጭማሪ ግን ስሌቱን ትለውጠዋለች። በየጊዜው ወለድ የሚከፍል፣ በመጨረሻም ዋናውን የሚመልስ ነገር ቦንድ ነውና ስዋፑ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦንድ ይሆናል። ቋሚ ወለድ ከፋዩ ባለ ቋሚ ወለድ ቦንድ የሸጠ፣ ባለ ተለዋዋጭ ወለድ ቦንድ ደግሞ የገዛ ያህል ነው። የያዘው ቦንድ ከዕዳው ቦንድ ሲበልጥ ስዋፑ ሀብቱ ነው፤ ሲያንስ ዕዳው።

ባለ ቋሚ ወለዱን ቦንድ ማስላት አያስቸግርም። እያንዳንዱ ክፍያ ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚከፈል ታውቋል፤ ወደ ዛሬ ዋጋው መልሶ መደመር ብቻ ነው። የሚያስፈራው ሌላኛው ነው። ከዓመት በኋላ ወለድ ስንት እንደሚሆን ማንም ሳያውቅ እንዴት ዋጋ ይሰጠዋል?

መልሱ፣ ማወቅ አያስፈልግም የሚል ነው። ተመኑ ለሚቀጥለው ስድስት ወር በተቆረጠበት ቀን ባለ ተለዋዋጭ ወለዱ ቦንድ የሚያወጣው ልክ ዋናውን ገንዘብ ነው። ከመጨረሻው ስድስት ወር ብንነሳ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ተመኑ በዓመት 4.8 በመቶ ከሆነ 10 ሚሊዮኑ በስድስት ወር 240,000 ወልዶ 10,240,000 ይሆናል። ይህን ገንዘብ በዚያው ተመን ወደ ኋላ ስንመልሰው 10 ሚሊዮን እናገኛለን። ተመኑ 9 በመቶም ቢሆን ውጤቱ አይለወጥም፤ ወለዱ በጨመረ ቁጥር ወደ ዛሬ ሲመለስ የሚቀነሰው በዚያው ልክ ይጨምራልና። የመጨረሻው ዙር መነሻ ላይ ዋጋው 10 ሚሊዮን ከሆነ ከዚያ በፊት ያለው ዙርም በዚሁ መንገድ 10 ሚሊዮን ይሆናል፤ እንዲህ እያለ ወደ ኋላ እስከ ዛሬ ይደርሳል።

አንድ ምሳሌ በቁጥር እንመልከት። አንድ ድርጅት በ10 ሚሊዮን ዶላር ላይ በዓመት 3 በመቶ ቋሚ ወለድ ይከፍላል እንበል፤ በየስድስት ወሩ 150,000 ዶላር ማለት ነው። የቀሩት ክፍያዎች ሦስት ናቸው፦ ከ3፣ ከ9 እና ከ15 ወር በኋላ። ተለዋዋጩ ተመን ከሦስት ወር በፊት በ4.8 በመቶ ስለተቆረጠ ድርጅቱ በመጪው ክፍያ 240,000 ይቀበላል። በዛሬው ገበያ ከ3 ወር በኋላ የሚገኝ አንድ ዶላር 0.9875፣ ከ9 ወር በኋላ የሚገኘው 0.9640፣ ከ15 ወር በኋላ የሚገኘው ደግሞ 0.9410 ዶላር ያወጣል።

ከቋሚው ቦንድ የመጀመሪያው ክፍያ ዛሬ 148,125፣ ሁለተኛው 144,600 ዶላር ያወጣል። የመጨረሻው ከዋናው ጋር 10,150,000 ነውና ዛሬ 9,551,150 ነው። ድምሩ 9,843,875 ዶላር። ለተለዋዋጩ ቦንድ አንድ ማባዛት ይበቃል። ከሦስት ወር በኋላ 240,000 ይከፈላል፤ በዚያው ቀን ተመኑ እንደገና ስለሚቆረጥ ቦንዱ 10 ሚሊዮን ያወጣል። 10,240,000 በ0.9875 ሲባዛ 10,112,000 ዶላር ይሆናል። ልዩነቱ 268,125 ዶላር ነው፤ ድርጅቱ ዛሬ ከውሉ ቢወጣ ይህን ያህል ሊከፈለው ይገባል።

ስሌቱን በሌላ መንገድ መፈተን ይቻላል። ከእነዚያው ሦስት የዛሬ ዋጋዎች ገበያው ለመጪዎቹ ሁለት ዙሮች የቆረጠውን ተመን አውጥቶ፣ በየክፍያው ቀን የሚተርፈውን ልዩነት ለብቻ ወደ ዛሬ መልሶ መደመር ነው። ሦስቱ ልዩነቶች 88,875፣ 90,400 እና 88,850 ዶላር ይሆናሉ፤ ድምራቸው ያው 268,125። ሁለቱ መንገዶች ካልተገናኙ አንዱ ላይ ስህተት አለ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ስህተት በመጪው ክፍያ ላይ ነው፤ ከሦስት ወር በፊት የተቆረጠውን 4.8 በመቶ ትቶ የዛሬውን ተመን ማስገባት። ሌላው በብድር ውል ላይ ባንኩ ለራሱ የጨመረውን ትርፍ ከተለዋዋጩ ወለድ ጋር መደመር ነው። ስዋፑ ውስጥ ያልተጻፈ ትርፍ ስሌቱ ውስጥም ቦታ የለውም።

የሃርቫርድ ኪሳራ መጠን ያን ያህል የሆነው በውል ርዝመት ነው። በምሳሌያችን የቀረው ጊዜ 15 ወር ብቻ ስለሆነ ቁጥሩ ትንሽ ነው። የውሉ ዕድሜ 30 ዓመት፣ የገበያው ወለድ 3 በመቶ ቢሆን ግን ከገበያው በላይ በየዓመቱ የሚከፈል 1 በመቶ ዛሬ ሲታሰብ ከዋናው ገንዘብ 19.6 በመቶ ያህል ይሆናል። በ10 ሚሊዮን ላይ 1.96 ሚሊዮን ዶላር ማለት ነው። ተለዋዋጩ ቦንድ ሁልጊዜ በዋናው ገንዘብ አካባቢ ሲቆይ፣ ወለድ በወረደ ቁጥር የሚያብጠው ዕዳ የሆነው ቋሚ ቦንድ ነው።

መላው የሚሠራው ግን ክፍያው የሚሰላበት ተመንና ወደ ዛሬ የሚመለስበት ተመን አንድ ሲሆኑ ነው። እስከ 2007 ድረስ ለሁለቱም ላይቦር የሚባለው የለንደን ባንኮች ተመን ያገለግል ነበር። በጥቅምት 2008 ግን ባንኮች እርስ በርስ መተማመን ሲያቅታቸው፣ የሦስት ወሩ የዶላር ላይቦር ለተመሳሳይ ጊዜ ከሚታሰበው የአንድ ሌሊት ብድር ተመን በ3.64 በመቶ ርቆ ታየ። ከዚያ ወዲህ በዋስትና የተያዙ ስዋፖችን በላይቦር ወደ ዛሬ መመለስ ስህተት ሆነ። በ2010 የለንደኑ ማጣሪያ ቤት ኤልሲኤች ስሌቱን ወደ አንድ ሌሊት ተመን አዞረ። ክፍያው በላይቦር፣ የዛሬ ዋጋው በሌላ ተመን ሲሰላ ተለዋዋጩ ቦንድ በመቁረጫው ቀን ዋናውን ገንዘብ ማውጣቱ ቀረ፤ ባለሙያዎችም እያንዳንዱን ክፍያ ለየብቻ ወደ መገመት ተመለሱ።

የዶላር ላይቦር በባንኮች መልስ መሰላቱ ሰኔ 30 ቀን 2023 ሲያበቃ ቦታውን የያዘው ሶፈር፣ የአሜሪካ መንግሥት ሰነድ መያዣ የሚሆንበት የአንድ ሌሊት ብድር ተመን ነው። ዛሬ በሶፈር የሚከፈል ስዋፕ ወደ ዛሬ የሚመለሰውም በሶፈር ስለሆነ የሁለቱ ቦንዶች መላ እንደገና ቦታውን አግኝቷል። አንድ ነገር ብቻ ተለውጧል። ሶፈር በየቀኑ እየተጠራቀመ የዙሩ ክፍያ የሚታወቀው በዙሩ መጨረሻ ነው። ስለዚህ በዙር መካከል ስዋፑን የሚያሰላ ሰው እንደ 240,000ው ዓይነት አስቀድሞ የታወቀ ክፍያ አያገኝም። ዙሩ ከጀመረበት ቀን እስከ ትናንት ያሉትን የቀን ተመኖች አንድ በአንድ አባዝቶ 10 ሚሊዮኑ እስካሁን ስንት እንደደረሰ ያወጣል፤ የተለዋዋጩ ቦንድ የዛሬ ዋጋም ያ ቁጥር ነው።