መልሱን ሳያወጡ «ይበቃል» ማለት

የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች የማስተርስ አመልካቾችን በሚመዝኑበት ጂማት በተባለው ፈተና ውስጥ ብዙ ተፈታኞችን ግር የሚያሰኝ የጥያቄ ዓይነት አለ። አንድ ጥያቄ ይቀርባል፤ ከሥሩም ሁለት መረጃዎች ይሰጣሉ። ተፈታኙ የሚጠየቀው ግን መልሱን አይደለም። መረጃዎቹ ወደ አንድ ቁርጥ ያለ መልስ ለማድረስ ይበቃሉ ወይስ አይበቁም? የሚጠየቀው ይህን ብቻ ነው። የመረጃ በቂነት ጥያቄ ልንለው እንችላለን። ቀድሞ በሒሳቡ ክፍል ውስጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ፈተናው ሲታደስ ዳታ ኢንሳይትስ ወደተባለው ክፍል ተዛወረ። በዚያ ክፍል 20 ጥያቄዎች በ45 ደቂቃ ይሠራሉ።

ምርጫዎቹ ሁልጊዜ አምስት ናቸው፤ ጥያቄው ቢለያይም እነሱ አይለወጡም። አንደኛው መረጃ ብቻ ይበቃል፤ ሁለተኛው ብቻ ይበቃል፤ ለየብቻ አይበቁም፣ ሲጣመሩ ግን ይበቃሉ፤ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይበቃሉ፤ ወይም ተጣምረውም አይበቁም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የአንድ ደብተር ዋጋ 35 ብር፣ የአንድ እስክሪብቶ 30 ብር ነው። አንድ ተማሪ ከሁለቱም ገዛ። ስንት ደብተር ገዛ? አንደኛው መረጃ «በጠቅላላው 225 ብር ከፈለ» ይላል። ሁለተኛው «የገዛቸው ዕቃዎች በድምሩ 7 ናቸው» ይላል።

ሁለተኛውን መረጃ ለብቻው ስናየው እንደማይበቃ ግልጽ ነው፤ 1 ደብተርና 6 እስክሪብቶ፣ 2 ደብተርና 5 እስክሪብቶ እያልን መቀጠል እንችላለን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአንደኛው ላይ ነው። ከትምህርት ቤት ይዘነው የመጣነው ደንብ «ሁለት ያልታወቁ ነገሮችን ለማግኘት ሁለት እኩልዮሽ ያስፈልጋል» ስለሚል፣ ተፈታኙ «ሲጣመሩ ይበቃሉ» የሚለውን መርጦ ያልፋል። መልሱ ግን «አንደኛው ብቻ ይበቃል» ነው።

ምክንያቱ ደብተር ተቆርሶ የማይሸጥ መሆኑ ነው። ሁለት የተለያዩ መልሶች አሉ እንበል። ጠቅላላ ክፍያው ሳይለወጥ ከአንዱ መልስ ወደ ሌላው ለመሄድ ደብተር በእስክሪብቶ መለወጥ አለበት። የሁለቱ ዋጋ መጀመሪያ እኩል የሚሆነው 210 ብር ላይ ነው፤ 6 ደብተር በ7 እስክሪብቶ ማለት ነው። ስለዚህ ከሁለቱ መልሶች በአንዱ ቢያንስ 6 ደብተሮች መኖር አለባቸው። ነገር ግን 6 ደብተር 210 ብር ይፈጃል፤ በቀሪው 15 ብር አንድም እስክሪብቶ አይገዛም። 7 ደብተር ደግሞ 245 ብር ነው፤ ከተከፈለው ያልፋል። ሁለተኛ መልስ ሊኖር አይችልም። ተማሪው ስንት ደብተር እንደገዛ ገና አላወቅንም፤ ማወቅም አያስፈልገንም።

አሁን ክፍያውን ወደ 435 ብር፣ የዕቃዎቹን ብዛት ወደ 14 እንለውጠው። 3 ደብተርና 11 እስክሪብቶ 435 ብር ያወጣሉ። 6 ደብተር ጨምረን 7 እስክሪብቶ ብንቀንስ 9 ደብተርና 4 እስክሪብቶ ይሆናል፤ ይህም 435 ብር ነው። አንደኛው መረጃ ብቻውን አይበቃም። እዚህ ላይ መጣመር ይረዳል፤ የዕቃው ብዛት 14 ከሆነ ከሁለቱ አንዱ ይወድቃል። የጥያቄው ቃል አልተለወጠም፤ የተለወጡት ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ ምርጫው ግን ተለውጧል።

ከዚህ አንድ ነገር ልብ ይሏል። አይበቃም ለማለት መረጃውን የሚያሟሉ ሁለት የተለያዩ መልሶች ማሳየት ይበቃል። ይበቃል ለማለት ግን አንድ መልስ ማግኘት አይበቃም፤ ሌላ እንደማይኖር ምክንያት ያስፈልጋል። 3 ደብተርና 4 እስክሪብቶ 225 ብር እንደሚያወጡ አግኝቶ የቆመ ሰው ሥራውን በግማሽ ትቶታል።

ሌላው የተለመደ ስሕተት ጥያቄው «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚያስብል ሲሆን ይከሰታል። በመጀመሪያው ምሳሌ ጥያቄው «ተማሪው ከ5 በላይ ደብተር ገዝቷል?» ቢሆን፣ 225 ብር መክፈሉን ማወቅ ብቻ ይበቃል። መልሱ ቁርጥ ያለ «አይደለም» ነው። ብዙዎች «አይደለም» የሚለውን «አይበቃም» አድርገው ይወስዱታል። መረጃው የማይበቃው አንዴ አዎ፣ አንዴ አይደለም ሲያስብል ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲገጥምዎ አንደኛውን መረጃ በእጅዎ ሸፍነው ሁለተኛውን ለብቻው ይመርምሩ፤ ከዚያም ሁለተኛውን ሸፍነው አንደኛውን። ሁለቱን ማጣመር የሚገባው እያንዳንዳቸው ብቻቸውን እንደማይበቁ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። በእያንዳንዱ እርምጃም ራስዎን የሚጠይቁት «መልሱ ስንት ነው?» ብለው ሳይሆን «ሌላ መልስ ሊኖር ይችላል?» ብለው ይሁን።