«ፈቅደናል» ማለት «ልከናል» ማለት አይደለም

የምሠራው አሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ ባለ ባንክ ነው። በማርች 2025 አንዲት እናት ስልካቸውን ዘርግተው መልእክት አሳዩኝ። በኦንላይን ገዝተው የመለሱት መጋረጃ ዋጋ፣ 186 ዶላር፣ ማርች 6 ተመላሽ እንዲሆን ሻጩ ፈቅዷል ይላል። የመጡት ማርች 17፣ ሰኞ ነበር። «ልጄ፣ አሥራ አንድ ቀን ሆነው እኮ። ሲወስዱ በደቂቃ ነው፤ ሲመልሱ ለምን ይዘገያል?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ዕቃ ስንገዛ የሻጩ ማሽን ባንካችንን ወዲያው ይጠይቃል፤ ባንኩም «ገንዘብ አለ» ብሎ ገንዘቡን እዚያው ይይዛል። ሲመለስ ግን ባንኩ ሁልጊዜ አይጠየቅም። ሻጩ የፈቀዳቸውን ተመላሾች አጠራቅሞ በአንድ ጥቅል ለራሱ ባንክ ይልካል። የሻጩ ባንክ ለቪዛ ወይም ለማስተርካርድ ያስተላልፋል፤ እኛ ጋ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። በባንኮች መካከል ያለው የካርድ ሒሳብ ደግሞ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓል ቀን በአብዛኛው አይወራረድም። ጥቅሉ እስኪደርሰን ድረስ በእኛ ስክሪን ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። አንዳንድ ሻጮች አስቀድመው ስለሚያሳውቁ «በሂደት ላይ» የሚል መስመር ይታያል፤ ሁሉም ግን አያደርጉትም።

ስለዚህ እኚህን እናት «እዚሁ ሆነው ለሻጩ ይደውሉና የተመላሹን ኤአርኤን ይጠይቁልኝ» አልኳቸው። ኤአርኤን እያንዳንዱ የካርድ ክፍያና ተመላሽ በሻጩ ባንክ በኩል ሲላክ የሚሰጠው ባለ 23 አሃዝ መለያ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ጽፈው ሰጡኝ። ከስምንተኛው እስከ አሥራ አንደኛው ያሉት አራት አሃዞች ቀኑን ይናገራሉ፤ የሳቸው 5073 ነበር። 5 ዓመቱን፣ 2025ን፣ ያመለክታል፤ 073 ደግሞ የዓመቱ ሰባ ሦስተኛ ቀን ነው፤ ማርች 14፣ ዓርብ።

ነገሩ እዚያ ላይ ተገለጠ። ሻጩ ማርች 6 ፈቅዶ፣ ገንዘቡን መላክ የጀመረው ከስምንት ቀን በኋላ ነው። ከዚያ ቅዳሜና እሑድ መጡ። ማክሰኞ ጠዋት 186 ዶላሩ ሒሳባቸው ውስጥ ገባ። ከአሥራ ሁለቱ ቀን ስምንቱ ያለፉት በሻጩ ቤት ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ግዢው ገና ሳይወራረድ ከተሰረዘ ተመላሽ የሚባል መስመር አይመጣም፤ የተያዘው ገንዘብ ተለቆ የግዢው መስመር ራሱ ይጠፋል። ያኔ የተመላሽ ቁጥርም አይኖርም።

ከዚያ ውጭ ግን «ፈቅደናል» ሲሏችሁ «መቼ ላካችሁት? ቁጥሩስ?» በሉ። ቁጥር መስጠት ካልቻሉ፣ ገንዘቡ ገና ከእጃቸው ላይወጣ ይችላል። ቁጥሩን ይዛችሁ ከመጣችሁ ግን መፈለጉ የኛ የባንኮቹ ሥራ ነው፤ «ጠብቁ» ብለን ልንመልሳችሁ አይገባም።