የኮኛክ ዕድሜ፤ ለብርጭቆ የሚሆነውና ለመጥበሻ የሚሆነው



ለበዓል ወይም ለወዳጅ ስጦታ ኮኛክ ለመግዛት ወደ መደብር የገባ ሰው፣ ሁለት ጠርሙሶች ጎን ለጎን ቆመው ያያል። ሁለቱም የአንድ ፋብሪካ ሥራ ናቸው፤ መጠናቸው እኩል ነው፤ መልካቸውም ይመሳሰላል። የአንደኛው ዋጋ ግን የሌላውን ብዙ እጥፍ ነው። የሚለያቸው በወረቀታቸው ላይ የታተሙት ጥቂት የላቲን ፊደላት ናቸው። የነዚህን ፊደላት ትርጉም ያላወቀ ሰው ወይ ለማያስፈልገው ነገር ገንዘቡን ይከፍላል፣ ወይም ዐሥር ዓመት በበርሜል የተጠበቀውን መጠጥ በመጥበሻ ላይ አፍስሶ በአንድ ደቂቃ ያጠፋዋል። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን ፊደላቱ ምን እንደሚሉ፣ ከዚያም የትኛው ለብርጭቆ፣ የትኛው ለመጥበሻ እንደሚገባ እንመለከታለን።

በመጀመሪያ ስሙን እንለይ። ብራንዲ ማለት ከወይን ጠጅ የሚወጣ አረቄ ነው፤ ቃሉም የተቃጠለ ወይን ከሚለው የሆላንድ ቋንቋ የመጣ ነው። ኮኛክ ደግሞ የብራንዲ አንድ ዓይነት ሲሆን፣ በምዕራብ ፈረንሳይ ኮኛክ በተባለችው ከተማ ዙሪያ በሕግ በተከለለ አገር ብቻ የሚሠራ ነው። በእኛ ዘንድ ብዙ ሰው ቡናማ መልክ ያለውን የአረቄ ዓይነት ሁሉ ኮኛክ ብሎ ይጠራዋል፤ ከዚህ በታች የምንናገረው የዕድሜ ሕግ ግን የሚጸናው በእውነተኛው ኮኛክ ላይ ነው።

አሠራሩ አረቄ ሲወጣ ላየ ሰው እንግዳ አይደለም። ቀላልና ኮምጠጥ ያለው ነጭ የወይን ጠጅ በመዳብ ጋን ይፈላል፤ እንፋሎቱም በቧንቧ አልፎ ቀዝቅዞ ይንጠባጠባል። ይህ ሁለት ጊዜ ይደረጋል። በመጀመሪያው ጊዜ የሚገኘው ፈሳሽ የአልኮል ኃይሉ ከመቶ 30 እጅ ገደማ ሲሆን፣ በሁለተኛው ጊዜ ከመቶ 70 እጅ ገደማ ይደርሳል። በዚህ ሰዓት መጠጡ እንደ ውሃ የጠራ፣ ጉሮሮን የሚፈጅ ነው። ቡናማ መልክ፣ የቫኒላና የደረቀ ፍሬ ሽታ፣ ለስላሳነትም ገና የለውም። እነዚህን የሚሰጠው የኦክ እንጨት በርሜል ነው። መጠጡ ከእንጨቱ ቀለምና መዓዛ ይስባል፤ በእንጨቱ ቀዳዳዎች የሚገባው አየርም ኃይለኛነቱን ቀስ በቀስ ያበርድለታል። ወደ ጠርሙስ ከመግባቱ በፊት ንጹሕ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረበት ኃይሉ ወደ መቶ 40 እጅ ይወርዳል።

አየር የሚያስገባው እንጨት ግን መጠጡንም ያስወጣል። በየዓመቱ ከመቶ 2 እጅ ገደማ በትነት ይጠፋል፤ የአገሩ ሰዎችም ይህን የመላእክት ድርሻ ይሉታል። አንድ ሰው 100 ሊትር በበርሜል ቢያስቀምጥ ከዐሥር ዓመት በኋላ የሚያገኘው 82 ሊትር ያህል ነው። ያረጀው መጠጥ የሚወደድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ገዢው የሚከፍለው ጠርሙሱ ውስጥ ላለው ብቻ ሳይሆን ተንኖ ለጠፋውም፣ ገንዘቡ ሳይንቀሳቀስ ለቆየበትም ዘመን ጭምር ነው።

እንግዲህ ወደ ፊደላቱ እንምጣ። የኮኛክ ዕድሜ የሚቈጠረው ወይኑ ከተለቀመ በኋላ ከሚመጣው ኤፕሪል 1 ቀን ጀምሮ ነው። ቪ.ኤስ. የሚል ወይም ሦስት ኮከብ ያለበት ጠርሙስ ቢያንስ 2 ዓመት፤ ቪ.ኤስ.ኦ.ፒ. የሚል ቢያንስ 4 ዓመት፤ ናፖሌዎን የሚል ቢያንስ 6 ዓመት በበርሜል የቆየ ነው። ኤክስ.ኦ. የሚለው፣ ትርጉሙም እጅግ ያረጀ ማለት የሆነው፣ ቢያንስ 10 ዓመት የቆየ መሆን አለበት። ይህ የመጨረሻው ሕግ የጸናው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከኤፕሪል 1 ቀን 2018 ጀምሮ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ለኤክስ.ኦ. የሚበቃው 6 ዓመት ነበር። ስለዚህ ከዚያ ቀን በፊት የታሸገ ኤክስ.ኦ. በቁም ሣጥኑ ያለው ሰው፣ ፊደሉ የሚያረጋግጥለት ዐሥር ሳይሆን ስድስት ዓመት መሆኑን ይወቅ።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛ፣ ኮኛክ ብዙውን ጊዜ ከብዙ በርሜሎች ተቀላቅሎ የሚዘጋጅ ስለ ሆነ፣ ፊደሉ የሚናገረው በውስጡ ስላለው ስለ ታናሹ ነው። በአንድ ቪ.ኤስ.ኦ.ፒ. ጠርሙስ ውስጥ የዐሥር ዓመት መጠጥ ሊገኝ ይችላል፤ ከአራት ዓመት ያነሰ ግን አይገኝበትም። ሁለተኛ፣ ዕድሜ የሚቈጠረው በበርሜል ውስጥ ብቻ ነው። መጠጡ ከጠርሙስ ከገባ በኋላ አያረጅም፤ የሁለት ዓመቱን ቪ.ኤስ. ሃያ ዓመት በሣጥን ቈልፎ ያስቀመጠ ሰው፣ በመጨረሻ የሚከፍተው ያንኑ የሁለት ዓመቱን ነው። ሦስተኛ፣ መልክን አይታችሁ በዕድሜ ላይ አትፍረዱ። ሕጉ መልኩን ለማስተካከል የተቃጠለ ስኳር እንዲጨመር ስለሚፈቅድ፣ ወጣቱ መጠጥ ከሽማግሌው ይልቅ ጠቆር ብሎ ሊታይ ይችላል።

አሁን ስለ አጠጣጡ እንናገር። የብዙ ዓመት ዕድሜ የሚሰጠው ትልቁ ነገር መዓዛ ነው፤ ስለዚህ ያረጀውን ኮኛክ ከጉሮሮ አስቀድሞ የሚጠጣው አፍንጫ ነው። ብርጭቆው እንደ ብርሌ ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ቢሆን መዓዛውን ይሰበስባል። በውስጡም 25 ሚሊ ሊትር፣ ማለት ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ጥቂት ያነሰ፣ ይበቃል። ከተቀዳ በኋላ ኤክስ.ኦ. ከሆነ ዐሥር ደቂቃ ያህል ይረፍ። ከዚያ ብርጭቆውን እስከ አገጭ ብቻ አንሥታችሁ አሽትቱ፤ አፍንጫን ወደ ውስጥ የከተተ ሰው የሚያገኘው የአልኮል መውጊያ እንጂ መዓዛ አይደለም። ቀጥሎም ምላስን የሚያርስ ያህል ብቻ ጐንጨት አድርጋችሁ በአፍ ውስጥ ጥቂት ካቈያችሁ በኋላ ዋጡ። ቢፈጃችሁ ሁለትና ሦስት ጠብታ ውሃ ማከል ነውር አይደለም። አንዳንዶች ብርጭቆውን በሻማ ነበልባል ያሞቁታል፤ ይህ ግን አልኮሉን ቀድሞ አስነሥቶ መዓዛውን ስለሚሸፍነው የእጅ መዳፍ ሙቀት ይበቃል። ጠርሙሱ ሲቀመጥ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ከተጋደመ አልኮሉ ቡሹን ይበላዋል። ከግማሽ በታች ከጐደለም አየሩ መዓዛውን ስለሚያደክመው በጥቂት ወራት ውስጥ ቢጨረስ ይሻላል።

ለወጥ ቤት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ለአፍንጫ የተከፈለበት ረቂቅ መዓዛ በሙቀት ቀድሞ የሚበንነው ነው፤ በድስቱ ውስጥ የሚቀረው ጣፋጭነት፣ የወይኑ ጣዕምና ጥቂት የእንጨቱ ምሬት ነው። ይህንንም ቪ.ኤስ. በሚገባ ይሰጣል። ቪ.ኤስ.ኦ.ፒ. ሁለቱንም ሊያገለግል ይችላል፤ ኤክስ.ኦ. ግን ከእሳት ይራቅ።

ለምሳሌ ያህል ፈረንሳዮች በቁንዶ በርበሬ የሚሠሩትን የሥጋ ጥብስ ለአራት ሰው እናዘጋጅ። አራት የፊሌቶ ቁራጮችን ጨው ነስንሶ፣ በደቀቀ ሳይሆን በተከካ ቁንዶ በርበሬ ለውሶ፣ በጥቂት ዘይት በጋለ መጥበሻ በየጐኑ ሦስት ደቂቃ ያህል መጥበስ ነው። ሥጋው ወጥቶ በሳሕን ይረፍ፤ የተረፈው ስብም ይደፋ። ከዚያ መጥበሻውን ከእሳቱ ላይ አንሥታችሁ፣ አስቀድማችሁ በስኒ የለካችሁትን 60 ሚሊ ሊትር ቪ.ኤስ. ጨምሩበት፤ ይኸውም አራት የሾርባ ማንኪያ ነው። ወደ እሳቱ መልሳችሁ ከታች የተጣበቀውን በእንጨት ማንኪያ እየፋቃችሁ እስከ ግማሹ ይትነን። ቀጥሎ 200 ሚሊ ሊትር የሥጋ መረቅ ጨምራችሁ እንደ ገና ወደ ግማሽ ሲወርድ፣ 100 ሚሊ ሊትር ክሬም ታክሉበታላችሁ። ስልሱ ማንኪያውን ሲያለብስ ደርሷል። ክሬሙ ቸኩሎ የገባ እንደ ሆነ አልኮሉ ጥሬ ሆኖ ይቀራል፤ ይህም የሚታወቀው እንፋሎቱ አፍንጫን ሲወጋ ነው።

በሆቴል ቤት መጥበሻው ነበልባል ሲያነሣ ያያችሁት ለምግቡ ጣዕም ግዴታ አይደለም። በቤት የተደረገ እንደ ሆነ ግን አደጋ አለው። ከጠርሙሱ በቀጥታ ወደ ጋለ መጥበሻ የሚያፈስ ሰው፣ ነበልባሉ ወንዙን ተከትሎ ወደ እጁ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ጠርሙሱ ተከድኖ ይራቅ፤ ከምድጃው በላይ ያለው ማናፈሻ ይጥፋ፤ ለማፈን የሚሆን ክዳንም በእጅ ይገኝ።

በመጨረሻም እንግዳ ለሚጋብዝ ሰው የሚያስፈልግ አንድ ነገር አለ። አልኮሉ በእሳት ሁሉ ይጠፋል የሚባለው እውነት አይደለም። የአሜሪካ እርሻ ሚኒስቴር ባወጣው ሠንጠረዥ መሠረት፣ በነበልባል የተቃጠለ መጠጥ ከአልኮሉ ከመቶ 75 እጅ ያህል ይቀርለታል። ከሌላው ምግብ ጋር ሩብ ሰዓት በዝግታ የፈላው 40 እጅ፣ አንድ ሰዓት የፈላው 25 እጅ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የፈላው እንኳ 5 እጅ ይይዛል። ቀደም ባለው ምሳሌያችን በ60 ሚሊ ሊትሩ ውስጥ 24 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለ፤ በነበልባል ብቻ ቢታለፍ 18 ሚሊ ሊትሩ በስልሱ ውስጥ ይቀራል። እንግዲህ በሃይማኖት ምክንያት ወይም በሐኪም ትእዛዝ አልኮል የማይቀምስ እንግዳ፣ ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን በገበታው ካለ፣ መረቁን ያለ ኮኛክ መሥራት፣ ካልሆነም ምግቡ ሳይቀርብ አስቀድሞ መንገር የጋባዡ ግዴታ ነው።